የጡረታ ገንዘብዎ ስንት ይደርሳል? መዋጮው በየዓመቱ ሲያድግ የሚሠራበት ስሌት

በ35 ዓመቱ 12,000 ዶላር ያጠራቀመ፣ በዓመት 4,500 ዶላር የሚያስገባ ሰው 65 ዓመት ሲሞላው ስንት ይኖረዋል? አንዱ የኢንተርኔት ማስያ 424,684 ዶላር ይላል። ሌላው 566,356 ይላል። ሁለቱም የዓመቱን ትርፍ 6 በመቶ ብለው ይዘዋል፣ የሁለቱም ድምር ትክክል ነው። የመጀመሪያው 4,500 ዶላሩ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሳይጨምር እንደሚቆይ አድርጎ ቆጥሯል፤ ሁለተኛው ደመወዝ ሲያድግ መዋጮውም በየዓመቱ 3 በመቶ እንደሚጨምር አስቧል። የ141,672 ዶላር ልዩነት ከዚህ አንድ ነገር ብቻ መጣ።

ብዙዎቻችን አሜሪካ ውስጥ ተቀጥረን ስንሠራ ፎር ኦ ዋን ኬ የሚባለው የጡረታ ቁጠባ ውስጥ ገንዘብ እናስገባለን፤ ወደፊት ስንት እንደሚሆን ግን የምናውቀው ድረ ገጹ ላይ ከሚታየው ቁጥር ብቻ ነው። ቁጥሩ ውስጥ ምን ግምት እንዳለ ስለማይነገረን ልናምነውም ልንጠራጠረውም ያስቸግራል። በራስዎ ሠንጠረዥ ቢሠሩት ግን እያንዳንዱን ግምት በእጅዎ ይዘው መቀየር ይችላሉ። የሚያስፈልግዎት የቅርብ ጊዜ የሂሳብ መግለጫ፣ አንድ የደመወዝ ወረቀት፣ እና ኤክሴል ወይም ጉግል ሺትስ ያለበት ኮምፒውተር ነው። ስልክም ይበቃል፣ ብቻ ጣት ያደክማል።

አገር ቤት ላሉ አንባቢዎች አንድ ማሳሰቢያ፦ መደበኛው የኢትዮጵያ የጡረታ አበል የሚወሰነው በአገልግሎት ዘመንና በደመወዝ ስለሆነ ይህ ስሌት አይመለከተውም። መሥሪያ ቤትዎ በስምዎ የሚያጠራቅመው ፕሮቪደንት ፈንድ ካለ ግን አካሄዱ ያው ነው፤ የትርፉንና የዋጋ ንረቱን ቁጥር በአገር ቤቱ መተካት ብቻ ነው።

1. አራት ቁጥሮች ይሰብስቡ

ለምሳሌ የሚሆነን በሜሪላንድ አንድ ሆስፒታል ውስጥ የምትሠራ የ35 ዓመት ሴት ናት እንበል። ደመወዟ በዓመት 50,000 ዶላር ነው። ከደመወዟ 6 በመቶ፣ ማለትም 3,000 ዶላር ታስቀምጣለች። አሠሪዋ እሷ ለምታስገባው ለእያንዳንዱ ዶላር 50 ሳንቲም ይጨምርላታል፣ እስከ ደመወዟ 6 በመቶ ድረስ። ይህ ማች የሚባለው ነው፤ ለእሷ 1,500 ዶላር ይሆናል። ስለዚህ የመጀመሪያው ዓመት መዋጮ 4,500 ነው። ካሁን በፊት ያጠራቀመችው 12,000 አላት። እነዚህ ሁለቱ፣ የመነሻ ቀሪ ሂሳብና የመጀመሪያ ዓመት መዋጮ፣ ከወረቀት የሚገኙ ቁጥሮች ናቸው። ሌሎቹ ሁለቱ፣ የመዋጮው ዕድገትና የትርፉ መጠን፣ ግምት ናቸው፤ በሁለተኛው ደረጃ እንመጣባቸዋለን።

ከወረቀት የሚገኙትም ቢሆኑ ወጥመድ አላቸው። መግለጫው ላይ ብዙ ጊዜ ሁለት ድምሮች ይታያሉ፤ አንዱ ጠቅላላ ቀሪ ሂሳብ ነው፣ ሌላው ቬስትድ የሚባለው፣ ዛሬ ሥራ ቢለቁ ይዘውት የሚሄዱት ነው። የራስዎ መዋጮ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የእርስዎ ነው። አሠሪው የጨመረው ግን ሙሉ በሙሉ የእርስዎ እስኪሆን የተወሰኑ ዓመታት ማገልገል ሊጠይቅ ይችላል። ሕጉ አሠሪው ሁሉንም በአንድ ጊዜ የሚሰጥ ከሆነ ከ3 ዓመት፣ ቀስ በቀስ የሚሰጥ ከሆነ ደግሞ ከ6 ዓመት በላይ እንዳያስጠብቅ ይከለክላል። በቅርቡ ሥራ ለመቀየር ካሰቡ ሠንጠረዡን ቬስትድ በሆነው ይጀምሩ።

ሁለተኛው ወጥመድ ደመወዝ ወረቀቱ ላይ ነው። መዋጮዎ የተመዘገበው በመቶኛ ነው ወይስ በዶላር? በመቶኛ ከሆነ ደመወዝ ሲጨመር መዋጮው ራሱ ያድጋል። "በየክፍያው 115 ዶላር" ተብሎ ከተመዘገበ ግን አሥር ጊዜ ደመወዝ ቢጨመርልዎም 115 ዶላሩ 115 ሆኖ ይቀራል፤ ያኔ ለእርስዎ ትክክለኛው ግምት ያ የመጀመሪያው፣ 424,684 የሚለው ነው። አንድ ሰነፍ የቅጽ አሞላል 141,672 ዶላር ሊያሳጣ እንደሚችል ከዚህ በላይ የሚያሳይ አላውቅም። ቅጹን ወደ መቶኛ ማስቀየር የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

2. ሁለቱን ግምቶች ይምረጡ

የመዋጮው ዕድገት የደመወዝዎ ዕድገት ነው። ያለፉት አራት አምስት ዓመታት ደመወዝዎን ከዓመታዊው የግብር ወረቀት ላይ ያውጡና ስንት በመቶ እንዳደገ ይዩ። ሥራ ቀይረው በአንድ ጊዜ 20 በመቶ ያደገበት ዓመት ካለ እሱን ያውጡት፤ በየዓመቱ አይደገምም። ለምሳሌያችን 3 በመቶ ይዘናል። ይህ ቁጥር ትልቅ መሆን አለመሆኑን መፈተሻ አለ፦ በሠላሳኛው ዓመት ደመወዝዎ ስንት ይሆናል? ለእኛዋ ሴት 50,000 በ3 በመቶ እያደገ 117,828 ዶላር ይደርሳል። በጊዜው የኑሮ ውድነት ሲታይ የሚታመን ነው። 6 በመቶ ብንል ግን 270,000 አልፎ ይሄዳል፣ ያ ደግሞ ሌላ ሙያ ነው።

የትርፉን መጠን በሚመርጡበት ጊዜ ሁለት ስህተት ይፈጸማል። የመጀመሪያው ተራውን አማካይ መውሰድ ነው። ገበያው አንድ ዓመት 20 በመቶ ወጥቶ በሚቀጥለው 10 በመቶ ቢወርድ ተራው አማካይ 5 በመቶ ነው። ገንዘቡ ግን እንደዚያ አላደገም። 100 ዶላር መጀመሪያ 120 ሆነ፣ ከዚያ 10 በመቶ ሲቀነስ 108 ሆነ፤ በሁለት ዓመት 8 ዶላር፣ ማለትም በዓመት 3.92 በመቶ ነው ያደገው። መዋዠቁ በሰፋ ቁጥር ይህ ክፍተት ይሰፋል። ስለዚህ ከፈንድዎ መግለጫ ላይ መውሰድ ያለብዎት "የ10 ዓመት ዓመታዊ" ተብሎ የተሰጠውን ቁጥር ነው፤ እሱ ድምር ዕድገቱን ያሰላ ነው። የየዓመቱን ትርፍ ደምሮ ለ10 ማካፈል አያስኬድም።

ሁለተኛው ክፍያውን መርሳት ነው። ፈንዱ በየዓመቱ ከገንዘብዎ የሚወስደው ኤክስፔንስ ሬሾ የሚባል ድርሻ አለ፤ ዕቅዱን የሚያስተዳድረውም ድርጅት የራሱን ሊወስድ ይችላል። ድምሩን ከሚጠብቁት ትርፍ ላይ ይቀንሱ። አንድ በመቶ ትንሽ ይመስላል። በምሳሌያችን ግን ትርፉ ከ6 ወደ 5 በመቶ ሲወርድ የመጨረሻው ገንዘብ ከ566,356 ወደ 478,166 ይወርዳል፤ 88,190 ዶላር ለክፍያ ሄደ ማለት ነው።

አክሲዮንና ቦንድ ለተቀላቀለበት ቁጠባ፣ ክፍያ ከተቀነሰ በኋላ፣ እኔ ከ6 በመቶ በላይ አልወስድም። ይህ የራሴ ጥንቃቄ ነው፤ እርስዎ ሌላ ቁጥር ቢመርጡ ሠንጠረዡ ያው ይሠራል።

3. ሠንጠረዡን ይሥሩ

አራቱን ቁጥሮች ከሠንጠረዡ ለይተው በአንድ ጥግ ያስቀምጡ፤ H1 ላይ 12000፣ H2 ላይ 4500፣ H3 ላይ 3%፣ H4 ላይ 6%። ለብቻቸው የሚቀመጡበት ምክንያት በኋላ አንዱን ሲቀይሩ ሁሉም ረድፍ አብሮ እንዲቀየር ነው። ቁጥሩን በየቀመሩ ውስጥ የሚጽፍ ሰው ግምቱን ለመቀየር ሠላሳ ቦታ መነካካት አለበት፣ አንዱን ደግሞ መዝለሉ አይቀርም።

ከዚያ አምስት ዓምድ ይኖርዎታል፦ A ዓመቱ፣ B የዓመቱ መነሻ፣ C መዋጮ፣ D ትርፍ፣ E የዓመቱ መጨረሻ። የመጀመሪያውን ረድፍ ለርዕስ ይተዉትና በሁለተኛውና በሦስተኛው ረድፍ ይህን ይጻፉ፦

```
A2: 1
B2: =$H$1
C2: =$H$2
D2: =B2*$H$4
E2: =B2+C2+D2

A3: =A2+1
B3: =E2
C3: =C2*(1+$H$3)
D3: =B3*$H$4
E3: =B3+C3+D3
```

ሦስተኛውን ረድፍ እስከ 31ኛው ረድፍ ድረስ ወደ ታች ይጎትቱት። ሠላሳ ዓመት ሞላ ማለት ነው።

ቀመሩ የሚለው ቀላል ነው። በዓመቱ መነሻ ላይ የነበረው ገንዘብ 6 በመቶ ያተርፋል፣ የዚያ ዓመት መዋጮ ይጨመርበታል፣ ድምሩ ለሚቀጥለው ዓመት መነሻ ይሆናል። በመጀመሪያው ዓመት 12,000 ዶላሩ 720 ያተርፋል፣ 4,500 ይገባል፣ 17,220 ይሆናል። በሁለተኛው ዓመት ትርፉ 1,033.20፣ መዋጮው 4,635፣ መጨረሻው 22,888.20 ነው። በአምስተኛው ዓመት መጨረሻ 42,901.43 ማየት አለብዎት። እዚያ ካልደረሰ ወደ ታች አይቀጥሉ፣ ስህተቱን እዚሁ ይፈልጉ።

በብዛት የሚገኘው ስህተት የዶላር ምልክቷን መርሳት ነው። $H$4 ላይ ያሉት ምልክቶች "ስጎትት ይህች ሳጥን ከቦታዋ አትንቀሳቀስ" ማለት ናቸው። ካልተጻፉ ቀመሩ አንድ ረድፍ ወደ ታች በወረደ ቁጥር H4 ወደ H5፣ ወደ H6 ይንሸራተታል፤ እዚያ ምንም ስለሌለ ትርፉ ዜሮ ይሆናል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ D ዓምድ ጥቂት ረድፍ ላይ ቁጥር አሳይቶ ቀጥሎ ዜሮ ይደረድራል። H3 ላይ ሲረሳ ግን የባሰ ነው። ወደ H4 ስለሚንሸራተት መዋጮው አንድ ዓመት በ6 በመቶ ያድግና ከዚያ ባለበት ይቆማል፣ ዜሮ ስለማይታይም ዓይን አይይዘውም። C31ን ይመልከቱ፤ 10,604.55 መሆን አለበት።

መዋጮው የገባው በዓመቱ መጨረሻ እንደሆነ አድርገን እንደያዝን ልብ ይበሉ። በእውነቱ በየሁለት ሳምንቱ ስለሚገባ ጥቂት ወራት ያተርፋል። መዋጮው በዓመቱ አጋማሽ ላይ ገባ ብለን ብንቆጥር የመጨረሻው ገንዘብ ወደ 14,700 ዶላር ገደማ ይጨምራል። እኔ አልጨምረውም። ግምቱ ላይ ካለው ሌላ ጥርጣሬ አንጻር ጥቂት ነው፣ ደግሞም የሚያሳስተው ወደ ደህናው ወገን ነው።

4. በአንድ ቀመር ያረጋግጡ

ሠላሳ ረድፍ ሠርተው ትክክል መሆኑን የሚያውቁት በሌላ መንገድ ሲሠሩት ነው። ባዶ ሳጥን ላይ ይህን ይጻፉ፦

```
=H1*(1+H4)^30 + H2*((1+H4)^30-(1+H3)^30)/(H4-H3)
```

የመጀመሪያው ክፍል ቀድሞ የነበረው 12,000 ዶላር ብቻውን ስንት እንደሚደርስ ያሰላል፤ 68,922 ይሆናል። ሁለተኛው የሠላሳ ዓመቱን መዋጮ በአንድ ጊዜ ይደምራል፤ 497,434 ይሰጣል። አንድ ላይ 566,356፣ ከ E31 ጋር መግጠም አለበት።

ሁለተኛው ክፍል ውስጥ ምን እንዳለ ለማየት የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን መዋጮ ያነጻጽሩ። በመጀመሪያው ዓመት የገባው 4,500 ዶላር ለ29 ዓመት ያተርፍና 24,383 ይደርሳል። በሠላሳኛው ዓመት የሚገባው 10,605 ግን የማትረፊያ ጊዜ ስለሌለው 10,605 ሆኖ ይቀራል። የመጨረሻው መዋጮ በቁጥር ከመጀመሪያው ከእጥፍ በላይ ነው፣ ለጡረታ የሚያበረክተው ግን ከግማሽ ያነሰ ነው። "አሁን አልችልም፣ ደመወዜ ሲያድግ አካክሳለሁ" የሚለው ሐሳብ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው፤ ዛሬ ያላስገባችውን 4,500 ዶላር ለማካካስ በመጨረሻው ዓመት 24,383 ማስገባት አለባት።

ይህ ቀመር የማይሠራበት ሁለት ሁኔታ አለ። አንደኛው የመዋጮው ዕድገትና ትርፉ እኩል ሲሆኑ ነው፤ ሁለቱም 5 በመቶ ቢሆኑ ለዜሮ ማካፈል ይመጣና ሳጥኑ ስህተት ይጽፋል። ሠንጠረዡ ግን ምንም አይሆንም፣ እሱን ይመኑ። ሁለተኛው መዋጮዎ የሚያድገው ሌላ ዓይነት ሲሆን ነው። አንዳንድ ዕቅዶች በየዓመቱ የሚያስቀምጡትን መቶኛ ራሱን በአንድ ያሳድጋሉ፦ ዘንድሮ 6፣ ከርሞ 7፣ ቀጥሎ 8 እያሉ። የእኛዋ ሴት እንዲህ ብታደርግ በሁለተኛው ዓመት ከ51,500 ዶላር ደመወዟ 7 በመቶ፣ 3,605 ታስገባለች። የራሷ ድርሻ በአንድ ዓመት 20 በመቶ አደገ፤ የአሠሪዋ ግን እስከ 6 በመቶ ብቻ ስለሚጨምር 1,545 ነው። ይህን "3 በመቶ ዕድገት" ብሎ መያዝም ሆነ "20 በመቶ" ማለት ስህተት ነው። ለደመወዝ አንድ፣ ለመቶኛው አንድ፣ ለአሠሪው አንድ ዓምድ ጨምረው C ላይ ይደምሩት።

ኤክሴል ውስጥ FV የሚባል ዝግጁ ቀመር አለ፣ ብዙ ሰው እሱን ይጠቀማል። እሱ የሚያውቀው የማይለዋወጥ መዋጮ ብቻ ነው። =FV(6%,30,-4500,-12000) ብለው ቢጽፉ የሚመልስልዎ ያን የመጀመሪያውን 424,684 ነው።

5. ቁጥሩን ወደ ዛሬ ዶላር ይመልሱ

566,356 ዶላር ዛሬ ቢሰጥዎት የሚገዛውንና ከሠላሳ ዓመት በኋላ የሚገዛውን አንድ አድርገው እንዳያዩት። ዋጋ በየዓመቱ 2.5 በመቶ ይጨምራል ብለን ብንገምት ዛሬ 1 ዶላር የሆነ ነገር ያኔ 2.10 ዶላር ገደማ ይሆናል።

```
=E31/(1+2.5%)^30
```

መልሱ 270,006 ነው። ለውሳኔ የሚጠቅመው ቁጥር ይህ ነው። ጡረታ ወጥተው በመጀመሪያው ዓመት ከዚህ 4 በመቶ ቢያወጡ፣ በተለምዶ ብዙ አማካሪዎች የሚነሱበት መጠን ነው፣ በዛሬ ዶላር በዓመት 10,800፣ በወር 900 ይሆናል። ሶሻል ሴኩሪቲ ከዚህ ውጭ ነው። ከግማሽ ሚሊዮን ዶላር ስሜት ወደ 900 ዶላር የወር ገቢ መውረድ ደስ አይልም፣ ግን የቤት ኪራይና የመድኃኒት ወጪ የሚታሰበው በዚህ ነው።

እዚህ ላይ የሚፈጸመው ስህተት ማደባለቅ ነው። አንዳንዱ ሰው "የዋጋ ንረቱን ከትርፉ ላይ ቀነስኩ" ብሎ 6ቱን በመቶ ወደ 3.5 ያወርድና መዋጮውን ግን እንደ ድሮው በ3 በመቶ ያሳድጋል። የመዋጮው 3 በመቶ ውስጥም የዋጋ ንረት አለ። ወይ ሁለቱንም በጊዜው ዶላር ሠርተው በመጨረሻ አንድ ጊዜ ያካፍሉ፣ ወይ ከሁለቱም ላይ ያውጡ። የመጀመሪያው ይቀልላል። ንረቱን ሁለት ጊዜ የቀነሰ ሰው ደግሞ ምልክቱ ይህ ነው፦ ንረቱን ከትርፉ ላይ አውጥቶ መጨረሻም ላይ ያካፍላል፣ ያገኘውም መልስ ካስገባው ገንዘብ ያነሰ ይሆንበታል።

ግብርንም አይርሱ። መዋጮዎ ግብር ሳይከፈልበት የሚገባው ዓይነት ከሆነ ገንዘቡን ሲያወጡ ግብር ይከፈልበታል፤ ሮዝ የሚባለው ከሆነ ግን ግብሩ አስቀድሞ ተከፍሏል። መግለጫው ላይ የትኛው እንደሆነ ተጽፏል።

6. "ቋሚ ትርፍ" የሚለውን ይፈትኑ

ገበያ በየዓመቱ 6 በመቶ ሰጥቶ አያውቅም። ቋሚ ትርፍ የያዝነው ስሌቱ እንዲሠራ ነው፤ ስለዚህ ምን ያህል ሊያስተን እንደሚችል ማየት ግድ ነው። መጀመሪያ H4ን ይቀይሩ። በ4 በመቶ 406,182 ዶላር ይመጣል፣ በ8 በመቶ 807,937። የመሃሉን 566,356 ከእነዚህ ሁለቱ ጋር አንድ ላይ ይጻፉት። ለባለቤትዎም ሲነግሩ አንዱን ቁጥር ብቻ አይንገሩ፣ ነገ በእሱ ይያዛሉ።

ይህ ግን የማያሳየው ነገር አለ፤ ውድቀቱ መቼ ይመጣል? በ2008 ኤስ ኤንድ ፒ 500 የሚባለው የአሜሪካ ትልልቅ ኩባንያዎች አክሲዮን መለኪያ፣ የትርፍ ድርሻ ተጨምሮበት እንኳ፣ 37 በመቶ ወርዷል። የሠራተኛዋ ገንዘብ በሙሉ አክሲዮን ላይ ነው እንበልና እንዲህ ያለ ዓመት አንድ ጊዜ እናምጣባት፣ ሌሎቹ 29 ዓመታት እንደታሰበው 6 በመቶ ይስጡ።

በመጀመሪያው ዓመት ቢመጣ፣ D2 ላይ ቀመሩን አጥፍተው =B2*-37% ይጻፉ። በዓመቱ መጨረሻ 17,220 ፋንታ 12,060 ይኖራታል። ያ የ5,160 ዶላር ጉድለት ለ29 ዓመት ሳያተርፍ ቀርቶ በመጨረሻ 27,959 ዶላር ያሳጣታል፤ ወደ 538,397 ትደርሳለች። ያው ውድቀት በሠላሳኛው ዓመት ቢመጣስ? D2ን ወደ ነበረበት መልሰው D31 ላይ ይሞክሩት። በዚያን ጊዜ የዓመቱ መነሻ 524,294 ስለሆነ 37 በመቶው የሚቆረጠው ከዚህ ሁሉ ላይ ነው። መጨረሻው 340,910 ይሆናል፤ 225,446 ዶላር ጠፋ።

አንድ ጊዜ ብቻ የተቀመጠና መዋጮ የማይጨመርበት ገንዘብ ቢሆን የዓመታቱ ቅደም ተከተል ለውጥ አያመጣም ነበር። መዋጮ ሲጨመር ግን መጨረሻው ይከብዳል፣ መዋጮው ራሱ እያደገ ሲሄድ ደግሞ የበለጠ ይከብዳል፤ ምክንያቱም ትልቁ ገንዘብ የሚኖረው በመጨረሻዎቹ ዓመታት ነው። ለጡረታ የቀረበ ሰው ከአክሲዮን ወደ ቦንድ ቀስ እያለ እንዲያዛውር የሚመከረውም በዚህ የተነሳ ነው። እንደዚያ ካደረጉ ታዲያ ሠንጠረዡም መከተል አለበት፤ ለመጨረሻዎቹ አሥር ዓመታት ዝቅ ያለ ትርፍ፣ ለምሳሌ 4 በመቶ፣ H5 ላይ ጽፈው ከ D22 ጀምሮ እሱን ያስነብቡት።

7. ወደ ኋላ ይሥሩት

የሚፈልጉትን ካወቁ ስንት ማስገባት እንዳለብዎ ያው ቀመር ይነግርዎታል። ሠራተኛዋ በዛሬ ዶላር 400,000 እንዲኖራት ትፈልጋለች እንበል። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ባለው ዶላር ይህ 839,027 ነው። ከእሱ ላይ የ12,000ው ድርሻ የሆነው 68,922 ይቀነስ፣ 770,105 ይቀራል። አራተኛው ደረጃ ላይ ያለው ቀመር ሁለተኛ ክፍል፣ H2 ሳይባዛበት፣ 110.541 ይሰጣል፤ በመጀመሪያው ዓመት የሚገባ እያንዳንዱ ዶላር፣ በየዓመቱ 3 በመቶ እያደገ ከቀጠለ፣ መጨረሻ ላይ 110.54 ዶላር ያመጣል ማለት ነው። 770,105ን ለ110.541 ሲያካፍሉ 6,967 ይወጣል።

አሁን ከምታስገባው 4,500 ላይ 2,467 መጨመር አለባት። አሠሪዋ ከ6 በመቶ በላይ ስለማይጨምር ሁሉም ከእሷ ኪስ ነው፤ በየሁለት ሳምንቱ ከሚከፈላት ላይ ወደ 95 ዶላር ይጨመራል፣ የራሷ መዋጮም ከደመወዟ 6 በመቶ ወደ 11 በመቶ ገደማ ያድጋል። ከፍ ያለ ደመወዝ ያለው ሰው በዚህ ሲሠራ ከሕጉ ጣሪያ ጋር ሊጋጭ ይችላል፤ በ2025 ሠራተኛው ራሱ ማስገባት ይችል የነበረው 23,500 ዶላር ነበር፣ ከ50 ዓመት ጀምሮ ደግሞ 7,500 ይጨመርለት ነበር። ጣሪያው በየጊዜው ስለሚሻሻል የዓመቱን ይመልከቱ።

8. በየጥር እውነተኛውን ቁጥር ያስገቡ

የዓመቱ መጨረሻ መግለጫ ሲደርስዎ ሠንጠረዡ ከሚለው ጋር ያነጻጽሩት፤ ነገር ግን የመጨረሻውን ድምር ብቻ አይዩ። ሠንጠረዡ 17,220 ብሎ መግለጫው 15,900 ቢል ልዩነቱ ከሁለት ቦታ ሊመጣ ይችላል። መዋጮው 4,500 ሆኖ ትርፉ ከዜሮ በታች 600 ከሆነ ገበያው ነው፤ እውነተኛውን ቀሪ ሂሳብ H1 ላይ፣ የአዲሱን ዓመት መዋጮ H2 ላይ ያስገቡ፣ የመጨረሻውን ረድፍ ይሰርዙ፣ በየቀመሩ ያለውን 30 ወደ 29፣ E31ንም ወደ E30 ይቀይሩ፣ ግምትዎንም በአንድ መጥፎ ዓመት ምክንያት አይንኩት። መዋጮው ራሱ 3,900 ብቻ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የራስዎ 3,000 ሙሉ ሆኖ የአሠሪው 900 ብቻ ከሆነ ለጥቂት ወራት ማች አልገባም ማለት ነው። የደመወዝ ወረቀቶቹን ይዘው የደመወዝ ክፍሉን ይጠይቁ።